ዋጋውን ሁለቱም ሲያውቁት፦ የበግ ገበያ ክርክር በምን ላይ ነው?

በሰሙነ ሕማማት አዲስ አበባ ውስጥ የበግ ዋጋ የማይነሳበት ቢሮም ታክሲም የለም። ጎረቤት በስንት እንደገዛ ይጠየቃል፤ ካራ ወይም ሾላ ደርሶ የመጣ ሰው ወሬው እስኪያልቅ ይመረመራል። እናም ገዢው ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ወደ ገበያ ሲወጣ፣ መካከለኛ በግ ከስንት እስከ ስንት እየተሸጠ እንደሆነ ያውቃል። ሻጩም ያውቃል። ከዚያም አልፎ ገዢው እንደሚያውቅ ያውቃል። ይህ ሁሉ ከታወቀ ሁለቱ ፀሐይ ላይ ቆመው ግማሽ ሰዓት የሚከራከሩት ስለ ምንድን ነው?

ብዙ ሰው ክርክርን የማታለል ፉክክር አድርጎ ያየዋል፤ ሻጩ ሰማይ ይሰቅላል፣ ገዢው መሬት ያወርዳል፣ ጮሌው ያሸንፋል። ዋጋውን የማያውቅ እንግዳ ገበያ ሲገባ ይህ ሊሠራ ይችላል። ሁለቱም ገበያውን ሲያውቁ ግን ጨዋታው ሌላ ነው። ያኔ የሚታወቀው የገበያው ዋጋ ነው፤ የማይታወቀው ደግሞ ይህ በግ ከዚያ ዋጋ የትኛው ጫፍ ላይ እንደሚውል፣ ሻጩ እስከ ስንት እንደሚወርድና ከሁለቱ ማን እንደቸኮለ ነው። ብልሃቱ ሁሉ የሚያርፈው በእነዚህ ላይ ነው።

የታወቀው ዋጋ ስፋት አለው

የአንድ ኪሎ ስኳር ዋጋ አንድ ቁጥር ነው። የበግ ዋጋ ግን ከዚህ እስከዚያ የሚባል ነው። በአንድ ረድፍ ላይ የቆሙ፣ ከሩቅ ሲታዩ እኩል የሚመስሉ ሁለት በጎች አንዱ 12,000 ሌላው 13,000 ብር ሊያወጡ ይችላሉ፤ ሁለቱም ዋጋዎች ትክክል ናቸው። (እዚህም ሆነ ከታች ያሉት የብር ቁጥሮች ለስሌት ማሳያ የተወሰዱ ናቸው፤ በየበዓሉ የሚለዋወጠውን ዋጋ አንባቢ በራሱ ጊዜ ዋጋ ይተካው።)

አሜሪካዊው አንትሮፖሎጂስት ክሊፈርድ ጊርትዝ በሞሮኮ ሰፍሩ በምትባል ከተማ ገበያ ለረጅም ጊዜ ካጠና በኋላ በ1970ዎቹ መጨረሻ የጻፈው እዚህ ላይ ይጠቅማል። በእንዲህ ያለ ገበያ ገዢ መረጃ የሚፈልግባቸው ሁለት መንገዶች አሉ ይላል። አንደኛው በስፋት መጠየቅ ነው፤ ከሻጭ ሻጭ እየዞሩ ዋጋ ማነጻጸር። ሁለተኛው በጥልቀት መጠየቅ ነው፤ አንድ ሻጭ ጋ ቆሞ ስለዚያ አንድ ዕቃ እስከ መጨረሻው መመርመርና መከራከር። አንዱ ከሌላው የማይለይ ዕቃ ሲሆን መዞር ይበቃል። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ጠባይ ሲኖረው ግን መዞር ብቻውን አያዋጣም።

በግ ሁለቱንም ይፈልጋል፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተውም ቅደም ተከተሉን በማፋለስ ነው። መጀመሪያ ያገኘው ሻጭ ጋ ቆሞ ጉሮሮው እስኪደርቅ ይከራከራል፤ ሳይስማማ ሲቀር ወደ ሌላው ይሄዳል፤ እዚያም እንደገና ይጀምራል። የሚሻለው መጀመሪያ አምስት ስድስት ቦታ ዋጋ ጠይቆ፣ የመልስ ዋጋ ሳይሰጥ ማለፍ ነው። በዚህ ዙር የሚፈለገው የመነሻ ጥሪው ብቻ አይደለም፤ ሌሎች ገዢዎች ገንዘብ ሲቆጥሩ ማየትና በስንት እንደተስማሙ መስማት ይበልጣል። የተጠራ ዋጋ የሻጭ ምኞት ነው፤ የተከፈለ ዋጋ ግን ገበያው ራሱ ነው። ከዚያ በኋላ የሚስማሙ ሁለት በጎች መምረጥና አንዱ ላይ ጠለቅ ብሎ መግባት። ለምን ሁለት እንደሆነ ወደኋላ እንመለስበታለን።

ከዋጋው በፊት በጉ

ዋጋው በሚታወቅበት ገበያ አንድ ሺህ ብር ለማትረፍ ከአንደበት ይልቅ እጅ ይበልጣል። በጉን በሚገባ የመረመረ ገዢ "ይህ ከታችኛው ዋጋ ነው" ሲል ምክንያት አለው፤ ያልመረመረው ግን የሚለው ሁሉ ባዶ ማጣጣል ይሆናል፤ ሻጩም ወዲያው ይለየዋል።

ወደ ካራ የሚመጣው በግ ብዙው በደብረ ብርሃን መንገድ የሚገባ የደጋ በግ ነው፤ የመንዝ በግ ደግሞ ጠጉራም ነው። ጠጉር ክሳትን ይሸፍናል። ስለዚህ በዓይን መመዘን አይበቃም፤ ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ኋላ ወገቡ ላይ መዳሰስ ያስፈልጋል። የጀርባ አጥንቱ እንደ ጠርዝ ሹል ሆኖ ጣት ላይ ከመጣ ከሲታ ነው፤ አጥንቱ የሚገኘው ጫን ሲሉት ብቻ ከሆነና ዙሪያው በሥጋ ከሞላ የተቀለበ ነው። ላቱንም ጨብጦ ማየት እንዲሁ፤ ስብ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ቀጥሎ ጥርስ። በግ የፊት ጥርስ ያለው ከታች ብቻ ነው፤ ስምንት ናቸው። ሁሉም ትንንሽ የወተት ጥርሶች ከሆኑ ገና ዓመት አካባቢ ያለ ጠቦት ነው። መካከለኛዎቹ ሁለቱ ወድቀው ትልልቅ ከበቀሉ ዓመቱን አልፏል፤ ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ገደማ ሁለት ሁለት እየተተኩ ስምንቱም ሲሞሉ አራት ዓመት አካባቢ ይሆነዋል። ትልቅ መስሎ የታየው በግ ያረጀ ከሆነ ሥጋው ይጠነክራል፤ ዋጋውም ከታች ነው።

ሦስተኛው ሆድ ነው። ጨው አብልተው ውሃ የሚያጠግቡ ሻጮች አሉ፤ በጉ ሆዱ ተወጥሮ ግዙፍ ይመስላል። ሁለት ሊትር ውሃ የጠጣ በግ ሁለት ኪሎ ጨመረ ማለት ነው፤ ከዚያ ውስጥ ድስት የሚገባ ግን የለም። ሆዱ ከበሮ ሆኖ ወገቡ ሹል ከሆነ ነገሩ ይገለጣል፤ የተቀለበ በግ ሁለቱም አብረው ይሞላሉና። ደህና የሚባል በግም ቢሆን ከቁም ክብደቱ ሥጋ ሆኖ የሚወጣው ግማሽ አይሞላም፤ 25 ኪሎ የሚመዝን በግ ከ10 እስከ 11 ኪሎ ሥጋ ቢሰጥ ነው። በመጨረሻ ንፍጥ፣ ሳልና የቆሸሸ የኋላ ጠጉር ካለ ይህ ለዋጋ መቀነሻ አይሆንም፤ ጥሎ መሄጃ ነው።

ሻጭም ከዚህ የሚማረው አለ። ጥሩ በግ ያለው ሻጭ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት "ጋሼ፣ እስቲ ወገቡን ይያዙት" ማለት አለበት። ገዢው በራሱ እጅ ያገኘውን ነገር ሊክደው አይችልም፤ ክርክሩም ከታችኛው ሳይሆን ከላይኛው ዋጋ ይነሳል። በጉ ደካማ የሆነበት ሻጭ ደግሞ ቶሎ ወደ ቁጥር ይገባል። ከመዳሰስ በፊት ዋጋ የሚያጣድፍ ሻጭ ሲያጋጥም ገዢው ይህን ልብ ይበል።

የመጀመሪያው ቁጥር

ልማዱ ሻጭ እንዲጠራ ነው። ጥያቄው ምን ያህል አብልጦ ይጥራ፣ ገዢውስ ምን ያህል አሳንሶ ይመልስ የሚለው ነው።

የመጀመሪያ ቁጥር የሰውን ግምት ወደ ራሱ እንደሚስብ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካነማን በ1974 አሳይተዋል። ዋጋ የሚያውቅ ሰው ከዚህ የተጠበቀ ይመስል ነበር። ሆኖም በ1987 በወጣ ሌላ ጥናት፣ በአሜሪካ አሪዞና የቤት ሽያጭ ወኪሎች አንድ ቤት እንዲገምቱ ተደረገ፤ ለተለያዩ ወኪሎች የተነገራቸው የመጠየቂያ ዋጋ የተለያየ ነበር። ሥራቸው ቤት መገመት የሆኑት ሰዎች ሳይቀሩ ግምታቸው ወደተነገራቸው ቁጥር ተጎትቷል፤ አብዛኞቹ ግን በዚያ መመራታቸውን አላመኑም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ገዢው በጉን ዳስሶ ሲጨርስ፣ ሻጩ ከመጥራቱ በፊት ለራሱ ሁለት ቁጥር ይያዝ፦ ይህ በግ ስንት ያወጣል፣ እኔስ ከስንት በላይ አልሄድም። የኋለኛው የሚወሰነው በኪስ ሳይሆን በሁለተኛው በግ ነው። ወዲያ ረድፍ ላይ ተመሳሳይ በግ በ12,800 እንደሚገኝ ካወቀ፣ እዚህ 12,900 መክፈል ምክንያት የለውም።

ሁለቱም ዋጋ በሚያውቁበት ገበያ የተጋነነ ቁጥር ተናጋሪውን ይጎዳል። 12,500 ለሚያወጣ በግ 20,000 የጠራ ሻጭ ገዢውን አላዋቂ አድርጎ ነው የገመተው፤ ገዢው መልስ እንኳን ሳይሰጥ ይሄዳል። 7,000 የሚል ገዢም እንዲሁ፤ ሻጩ ፊቱን ያዞራል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 11,000 ቢወጣ እንኳ "አይገዛም" ተብሏል። ከገበያው የላይኛ ጫፍ ጥቂት ከፍ፣ ከታችኛው ጫፍ ጥቂት ዝቅ ብሎ መነሳት ይሻላል፤ ዋጋውን እንደሚያውቁ ያሳያል፤ መንቀሳቀሻ ቦታም ይተዋል።

ለዚህ የሚረዳ አንድ የቆየ ምልከታ አለ። ስለ ድርድር ብዙ የጻፉት ሃዋርድ ራይፋ እንደታዘቡት፣ የሁለቱ መነሻ ቁጥሮች አማካይ ሁለቱም ሊቀበሉት በሚችሉት ክልል ውስጥ ከወደቀ፣ የመጨረሻው ስምምነት ብዙ ጊዜ እዚያው አማካይ አካባቢ ያርፋል። ስለዚህ ሻጩ 14,500 ጠርቶ ገዢው 11,000 ቢመልስ ወደ 12,750 እየተጓዙ ነው። ገዢው ያሰበው 12,500 ከሆነ መነሻው 10,500 መሆን ነበረበት ማለት ነው። መልስ ከመስጠት በፊት ይህችን አጭር ሂሳብ መሥራት ብዙ ቃል ከመናገር ይበልጣል።

አንድ ክርክር ከዳር እስከ ዳር

ሐሙስ እኩለ ቀን ላይ ነው እንበል። ሻጩ ነጋዴ ነው፤ በጉን ገጠር ገበያ ላይ በ10,500 ገዝቶ ለመኪና፣ ለመኖና ለልዩ ልዩ 600 አውጥቷል፤ ስለዚህ 11,100 ላይ ቆሟል። ግን ገና ሐሙስ ስለሆነ ዓርብና ቅዳሜ አሉት፤ ከ11,800 በታች ዛሬ አይሸጥም። ገዢው ደግሞ ሌላ ረድፍ ላይ ያየው በግ ስላለ ከ12,800 በላይ አይከፍልም። ሁለቱ ሳያውቁት የሚከራከሩት በመካከል ባለው 1,000 ብር ላይ ነው።

"ስንት ነው?" አለ ገዢው ላቱን ለቅቆ።

"14,500። ይዘውታል እኮ ጋሼ፣ ወገቡን አይተውታል።"

"ጥሩ በግ ነው። 11,000።"

"ኧረ መግዣውም አይደል! ይሁን፣ ለእርስዎ 13,800።"

"11,600።"

"አያዋጣኝም። 13,400።"

"12,000። ወንድሜ፣ ገና ጥርስ ያልጣለ ጠቦት ነው፤ የዚያኛውን ያህል ሥጋ የለውም።"

"13,200፤ ቁርጡን ነገርኩዎት።"

"12,100።"

እዚህ ላይ ቃሉን ትተን ቁጥሮቹን እንመልከት። ሻጩ መጀመሪያ 700፣ ቀጥሎ 400፣ ከዚያ 200 ወረደ። ገዢው 600፣ ከዚያ 400፣ ከዚያ 100 ጨመረ። "ቁርጡን ነገርኩዎት" ማለት ምንም አይደለም፤ ሁሉም ይለዋል። የሚታመነው እርምጃው እያጠረ መሄዱ ነው። አንዴ 200፣ አንዴ 600 የሚጨምር ገዢ ግን ሻጩን "ገና ብዙ አለው፣ ጠብቀው" ብሎ ያስተምረዋል። ሁለት ጊዜ በተከታታይ ሌላው ሳይወርድ መጨመር ደግሞ ከራስ ጋር መከራከር ነው። "እስቲ ትንሽ ጨምር" ለሚል ሻጭ መልሱ ቁጥር ሳይሆን "አንተ ስንት አልክ?" ነው።

ገዢው ጉድለቱን ያነሳበትን መንገድም ልብ እንበል። በጉን አላጣጣለም፤ "ጥሩ በግ ነው" ብሎ ጀምሮ ሁለቱም የሚያዩትን አንድ ነገር ጠቀሰ። ሻጩ ሊክደው አልቻለም፤ ክብሩም አልተነካም።

በዚህ መሐል አጠገብ የቆመ ሌላ ሻጭ እንደ ሽማግሌ ገባ፦ "በቃ፣ እኩል አካፍሉት!" ፍትሐዊ ይመስላል። ሂሳቡ ግን 12,650 ነው። እኩል ማካፈል የሚጠቅመው እስካሁን ጥቂት የተንቀሳቀሰውን ሰው፣ ወይም ከሩቅ የተነሳውን ነው። "እናካፍል" የሚለው ቃል ከመምጣቱ በፊት ሌላውን ሰው አንድ እርምጃ ማስጠጋት የቻለ፣ ከማካፈሉ ግማሹን አስቀድሞ ወሰደ።

ገዢው "አይሆንልኝም፤ ወዲያ ያየሁት አለ" ብሎ ሄደ። እውነት ነው፤ አለ። አስር እርምጃ ሳይርቅ ሻጩ ተጣራ፦ "ጋሼ ይምጡ! 12,800 ይስጡኝ።" መሄድ የሚሠራው ለዚህ ነው፤ ሻጩ የገዢውን ገደብ ከቃል ሳይሆን ከጀርባው አነበበ። በባዶ ማስፈራራት ግን አደገኛ ነው። ሁለተኛ በግ ያልመረጠ ገዢ ካልተጠራ ተመልሶ መምጣት ይኖርበታል፤ የተመለሰ ገዢ ደግሞ ከቆመው ይልቅ ይከፍላል።

"12,400፤ ገመዱን ጨምረህ፣ ልጁ እስከ መኪናው ያድርስልኝ።"

"12,500፤ ገመዱም ልጁም ይሁን። እጅዎን ያምጡ!"

ተማቱ። ገዢው ከገደቡ 300፣ ሻጩ ከገደቡ 700 ብር ተረፋቸው። ገመዱና ማድረሱ ክርክሩን የዘጉት በከንቱ አይደለም። ለሻጩ ገመዱ ከመቶ ብር ያነሰ ነው፤ ልጁም እዚያው ቆሟል። ለገዢው ግን ተሸካሚ ከመፈለግ አዳነው። የመጨረሻዋ መቶ ብር ላይ ሁለቱም አልንቀሳቀስ ሲሉ፣ ለአንዱ ርካሽ ለሌላው ውድ የሆነ ነገር ማምጣት ማንም ሳይሸነፍ ያስማማል። አትክልት ተራ ላይ ባለጉልቷ ዋጋ አልቀንስም ብላ ሁለት ሽንኩርት ስትመርቅ የምታደርገው ይህንኑ ነው፤ ዋጋዋን ለሚቀጥለው ገዢ ሳታበላሽ ይሄኛውን ትሸኘዋለች።

ሻጩ ለምን የበለጠ ወሰደ?

ከ1,000 ብር ውስጥ ሻጩ 700 የወሰደው በአንደበቱ አይደለም። መቸኮል የሌለበት እርሱ ነበር። ኢኮኖሚስቱ አሪየል ሩቢንስታይን በ1982 ባሳተመው የታወቀ ትንታኔ፣ ተራ በተራ ዋጋ የሚሰጣጡ ሁለት ሰዎች ሲኖሩ ብዙውን የሚወስደው መጠበቅ የማይከብደው መሆኑን በሂሳብ አሳይቷል። ከዚያው ትንታኔ አንድ ሌላ ነገር ይወጣል፦ ሁለቱ አንዱ የሌላውን ገደብና ትዕግሥት ፍጹም ቢያውቁ ኖሮ በመጀመሪያው ዋጋ ወዲያው ይስማሙ ነበር። የገበያ ሰው የሚከራከረው የበግ ዋጋ ጠፍቶት ሳይሆን የሌላው ሰው ትዕግሥት ጠፍቶት ነው።

ስለዚህ ጥሩ ገዢ የሚያነበው የሻጩን ቀን ነው። ሦስት በግ ይዞ ከገጠር በእግሩ የመጣ ገበሬ ማታ የሚያድርበት ላያገኝ ይችላል፤ ከሰዓት በኋላ ይቸኩላል። ሠላሳ በግ በረት ያለው ነጋዴ ግን የቀን ገበያ ቢያልፈው ነገ አለው፤ በሌላ በኩል እያንዳንዱ በግ ሳር ይበላበታል፤ ቆሞም ይከሳል። በቅዳሜ ሹር አመሻሽ ላይ የቀረው በግ ጉዳይ ይለያል፤ ያኔ የነጋዴው ገደብ 11,800 መሆኑ ይቀርና ወደ መግዣው፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል።

የትኛው በዓል እንደሆነም ለውጥ አለው። ለገና ሳይሸጥ የቀረ በግ ጥምቀት ይጠብቀዋል፤ ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ሁለት ሳምንት አይሞላም። ለእንቁጣጣሽ የቀረም መስከረም 17 መስቀል አለለት። ስለዚህ በእነዚህ ዋዜማዎች "ይዞት ከሚመለስ ይሸጣል" ብሎ እስከ ምሽት የሚጠብቅ ገዢ ተስፋው ቀጭን ነው።

እስከ መጨረሻው ሰዓት መጠበቅ ለገዢም ዕጣ ነው። ያ ምሽት በግ ተርፎ ሰው ያነሰበት ከሆነ ያተርፋል፤ ሰው ተርፎ በግ ያነሰበት ከሆነ የቀረውን አጥንት በውድ ይገዛል። ምልክቱ ገበያው ውስጥ አለ። የጭነት መኪኖች እየገቡ ነው ወይስ ባዶ እየወጡ? ደላሎቹ ገዢ እየተከተሉ ነው ወይስ ገዢዎች ሻጩን ከበውታል? ሻጮች ሰው ሲያልፍ ከተነሱና ከጠሩ መጠበቅ ይቻላል። ቁጭ ብለው እየመለሱ ከሆነ ወዲያው መግዛት ይሻላል።

ገዢውም የራሱን ችኮላ ይደብቅ። ልጆቹን አስከትሎ፣ መኪናውን እያስጮኸ አቁሞ፣ "ዛሬ ሳልገዛ አልመለስም" እያለ የሚከራከር ሰው ክርክሩ ከመጀመሩ በፊት ግማሹን ሰጥቷል።

ሦስተኛው ሰው

ደላላ ገበያውን ከሁሉም በላይ ያውቃል፤ ጥያቄው ለማን ይሠራል የሚለው ነው። ከሻጩ ጋር "ከ12,000 በላይ ያመጣኸው ያንተ ነው" ብሎ የተስማማ ደላላ ዋጋ ሲወርድ ከራሱ ኪስ የሚወርድ ነው፤ ለገዢው ያዝናል ብሎ ማሰብ ሞኝነት ነው። ስለዚህ የደላላው ክፍያ ከማን፣ ስንት እንደሆነ ክርክሩ ሳይጀመር መለየት አለበት። ሌላው ዘዴ ገዢ መስሎ አጠገብ የሚቆም፣ ከፍ ያለ ዋጋ የሚሰጥ ሰው ነው። እርሱን ለመለየት እጁን ማየት ነው፤ እውነተኛ ገዢ ጥርስ ይገልጣል፣ ወገብ ይዳስሳል፤ አስመሳዩ ግን በጉን ሳይነካ ብር ይጠራል።

ደላላ የሚጠቅምበት ጊዜም አለ። በ1983 ሮጀር ማየርሰንና ማርክ ሳተርትዌይት የተባሉ ኢኮኖሚስቶች ያሳዩት፣ ገዢና ሻጭ ገደባቸውን እስከደበቁ ድረስ ሁለቱንም የሚጠቅም ሽያጭ ሁልጊዜ እንዲፈጸም የሚያደርግ የክርክር ሥርዓት ሊኖር እንደማይችል ነው፤ ከውጭ ገንዘብ የሚጨምር ካልመጣ በቀር። በተራ ቋንቋ፣ ሻጩ 11,800 የሚበቃው፣ ገዢው 12,000 መክፈል የሚችል ሆነው ሁለቱም ትንሽ ሲያጠብቁ ተኮራርፈው ይለያያሉ። ለየብቻ የሁለቱንም ጆሮ የሚሰማ ሰው እንዲህ ያለውን ሽያጭ ሊያድን ይችላል።

በምሥራቅ ኢትዮጵያና በሶማሌ የከብት ገበያዎች ደላሎች እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ በጨርቅ ሸፍነው፣ በጣት ቁጥር ዋጋ የሚነጋገሩበት ልማድ አለ። ዙሪያቸው የቆመ ሰው ምን እንደተባለ አያይም። የገበያው ዋጋ ለሁሉም የታወቀ ሆኖ ሳለ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው፣ አንድ ጊዜ በአደባባይ የተሸጠበት ዝቅተኛ ዋጋ ለሚቀጥለው ገዢ መነሻ ስለሚሆን ነው። ካራ ላይ ጨርቅ ባይኖርም ብልህ ገዢ ይህን ይጠቀምበታል፤ ሌሎች ገዢዎች ተሰብስበው እያዩ ሻጭ ዋጋ አይጥልም። ጥቂት ፈንጠር ብሎ ዝግ ባለ ድምፅ መጠየቅ፣ ወይም ሰው እስኪበተን መጠበቅ ያዋጣል።

እጅ ከተመታ በኋላ

ሻጩ የመጀመሪያውን ዋጋ ሳያቅማማ "እሺ፣ ውሰድ" ካለ መደሰት አይገባም። ገበያውን የሚያውቅ ሰው የመጀመሪያ ዋጋ ላይ እጁን የሚዘረጋው ወይ ገዢው ከክልሉ በላይ ስለጠራ፣ ወይ በጉ ገዢው ያላየው ነገር ስላለበት ነው። ገንዘብ ሳይቆጠር እንደገና ጥርስ መግለጥና ወገብ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ ይህን የሚከለክል ደንብ የለም።

እጅ ከተመታ በኋላ ግን ዋጋ አይነሳም። "ሁለት መቶ ብር ጎደለኝ" ብሎ ሲቆጥር የሚያሳንስ ገዢ፣ ወይም ሌላ ሰው አምስት መቶ ጨምሮ ሲጠይቅ በጉን የሚመልስ ሻጭ ያተረፈው የአንድ ቀን ገንዘብ ነው፤ ያጣው የሚቀጥለውን በዓል ነው። በየዓመቱ ከአንድ ነጋዴ የሚገዛ ደንበኛ ክርክሩ በሁለት ቃል ያልቃል፤ ነጋዴው የዚህን ሰው ገደብ፣ ደንበኛውም የዚያን ሰው ሚዛን ስለሚያውቁ የሚደበቅ ነገር አይኖርም። ጊርትዝ በሰፍሩ ገበያ ሰዎች ከአንድ ሻጭ ጋር ደንበኝነት ለምን እንደሚያጠብቁ ሲያስረዳ ያየው ይህንን ነው፤ ደንበኝነት መረጃ የመፈለጊያ ድካም የሚቀንስበት መንገድ ነው። ዋጋውን ሁለቱም በሚያውቁበት ገበያ፣ ከአንድ ክርክር ከሚገኘው ሦስት መቶ ብር ይልቅ በሚቀጥለው ዓመት ግማሽ ሰዓት ፀሐይ ላይ አለመቆም የሚበልጥባቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እነርሱም የሚመርጡት ሻጭ ላይ እስካሁን በተባለው ሁሉ አይተው የፈተኑት ሰው ነው።